የእታለም ሁለት ወረቀቶች

ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ላይ ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። እታለም ነው የምላት። ድምፅዋን ስሰማ የታመመ ሰው ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። "ኧረ ተሰረቅሁ! ያቺ ልጅ ሁለት ጊዜ ቆረጠችብኝ" አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቷን ልትገዛ አንድ መድኃኒት ቤት ሄዳ በካርድ ከፈለች። ቤት ገብታ ስልኳን ስታይ ከባንኳ ሁለት መልእክት ገብቷል። ሁለቱም 1,285 ብር ከሂሳብዎ ተቀንሷል ይላሉ። የገዛችው ግን አንድ ጊዜ ነው።

"ወረቀቶቹን ጥለሻቸዋል?" ብዬ ጠየቅኋት። ደግነቱ እታለም ወረቀት የምትጥል ሴት አይደለችም። የጥምቀት ሎሚ እንኳ የተጠቀለለበትን ወረቀት ታስቀምጣለች። በማግስቱ ጠዋት ቡናው እየተቆላ ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የእነዚህ ወረቀቶች ንባብ ነው። እኛ አዋቂዎቹ ካርድ ይዘን መውጣት ከጀመርን ወዲህ ወረቀቱን እጥፍ አድርገን ቦርሳ ውስጥ መክተት እንጂ ማንበብ አልለመድንም፤ እኔም ራሴ እስከዚያ ቀን ድረስ ድምሩን ብቻ ነበር የማየው።

መጀመሪያ የለየነው የትኛው ወረቀት ምን እንደሆነ ነው። አንደኛው ረዘም ያለው ከካሽ ሬጅስተር የወጣው ነበር። የሻጩን የግብር ከፋይ ቁጥር፣ FS No. የሚል የደረሰኝ ቁጥር፣ የመድኃኒቶቹን ስምና ዋጋ ይዟል። ይህ "ምን ገዛሽ" የሚለውን ይመልሳል። ሌሎቹ ሁለቱ አጫጭር ወረቀቶች ካርዱ ከገባበት ከፖስ ማሽኑ የወጡ ናቸው። እነሱ የሚናገሩት "ገንዘቡ እንዴት ሄደ" የሚለውን ነው። የመድኃኒቱ ስም አንድም ቦታ የለባቸውም። ብዙ ሰው አንዱን ሲቀበል ሌላው የማያስፈልግ ይመስለዋል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ አንድ ብቻ መሆኑ ሽያጩ አንድ እንደነበር ነገረን።

የሁለቱን ትናንሽ ወረቀቶች ጉዳይ ለመረዳት እታለምን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስተረክኋት። ካሸሯ ማሽኑን ወደ እሷ አዙራ "እማማ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ" አለቻት። በስክሪኑ ላይ ምን ነበር ብላት አላስታወሰችም። እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም።

ማሽኑ ወደ እኛ ሲዞር ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚታየው AMOUNT የሚል ቃልና ETB 1,285.00 ዓይነት ቁጥር ነው። ETB ማለት የኢትዮጵያ ብር ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለት አኃዞች ሳንቲም ናቸው። በብዙ ማሽኖች ላይ ካሸሩ ሂሳቡን የሚጽፈው ከሳንቲሙ ጀምሮ ነው፤ 1,285 ብር ለማስገባት 128500 ብሎ ይነካል። ጣቱ አንድ ዜሮ ከጨመረ 12,850.00 ይሆናል። ተንኮል የለበትም፣ ጣት ነው። ግን የሚስጥር ቁጥራችንን የምናስገባው ያንን ቁጥር አይተን "አዎ ይህን ልክፈል" ለማለት ነው። እኔ በሆስፒታል ዘመኔ ከነጥብ ጋር ያለኝ ጠብ የቆየ ነው። 0.5 ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት 5 ሆኖ ቢነበብ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ነጥብን በሁለት ዓይኑ ያያል። መርፌ ከመውጋታችን በፊት መጠኑን ጮክ ብለን እናነብ ነበር። አሁንም ማሽኑ ሲሰጠኝ "አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ብር" ብዬ ለካሸሩ አነብለታለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ከዚያ ENTER PIN ይላል። አራት አኃዝ ሲገባ አራት ኮከብ ይታያል፣ ። ኮከቦቹ የሚናገሩት ስንት አኃዝ እንዳስገባን ብቻ ነው፤ የትኞቹን እንደሆነ ካሸሩም ማሽኑን የሚያይ ሌላ ሰውም አያነበውም። እታለም ግን እዚህ ላይ አንገቷን ሰበር አደረገች። መነጽሯን ረስታ ስለነበር ቁጥሩን ለካሸሯ በቃል ነግራ ልጅቱ ነች ያስገባችላት። አልተቆጣኋትም፣ ግን ባንክ ሄደን ቁጥሩን እንድንቀይር ወዲያው ተስማማን። ኮከቡ የሸፈነውን አፍ ከገለጠው ኮከቡ ምን ሠራ?

ከኮከቦቹ በኋላ PLEASE WAIT መጣ። ያን ጊዜ ማሽኑ ወደ ባንክ ጥያቄ እየላከ ነው። መንገዱ እንዲህ ነው፦ ጥያቄው ማሽኑን ወዳስቀመጠው ባንክ ይሄዳል፤ ካርዱ የሌላ ባንክ ከሆነ በመካከል ባለ አገናኝ ሥርዓት በኩል ወደ ካርዱ ባለቤት ባንክ ያልፋል። ያ ባንክ ሂሳቡን አይቶ "ይሁን" ወይም "አይሁን" ብሎ በዚያው መንገድ ይመልሳል። በደህና ቀን ይህ ሁሉ ጥቂት ሰከንድ ነው። የእታለም ግን ቆየ፣ ቆየና ማሽኑ "አልተሳካም" የሚል ወረቀት አወጣ። ካሸሯ "ኔትወርክ ነው እማማ፣ እንደገና እንሞክር" አለቻት። በሁለተኛው ላይ APPROVED አለ።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ። የሁለተኛው፣ የተሳካው፣ ይህን ይመስል ነበር። የሻጩንና የባንኩን ስም፣ የማሽኑንም መለያ ትቻለሁ።

```
DATE: 05/02/2025  TIME: 16:45
CARD: ************7316
ENTRY: CHIP
SALE
AMOUNT: ETB 1,285.00
APPROVED  RESP: 00
APPR CODE: 294061
TRACE: 000418
RRN: 503616000418
PIN VERIFIED
CUSTOMER COPY
```

ከላይ ሁለት መለያዎች ነበሩ፣ TID እና MID የሚሉ። TID የማሽኑ መለያ ነው፤ አንድ ሱቅ ሦስት ማሽን ካለው ሦስቱም የየራሳቸው አላቸው። MID ደግሞ የሻጩ መለያ ነው። በወረቀቱ ራስ ላይ ትልቅ ሆኖ የተጻፈው የባንክ ስም የማሽኑ ባለቤት ነው እንጂ የእኛ ባንክ ላይሆን ይችላል። እታለም ይህን ስም አይታ "እኔ እዚህ ባንክ ሂሳብ የለኝም፣ እንዴት ነው የቆረጡብኝ?" ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስትብሰለሰል አድራለች። የእሷ ባንክ ካርዷ ላይ ስሙ የተጻፈው ነው። አቤቱታም የሚቀርበው ለእሱ ነው።

ቀኑ ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። 05/02/2025 የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ቀን አስቀድሞ ወር ይከተላል፤ በእኛ ጥር 28 ቀን 2017 ነው። ሰዓቱም 16:45 የሚለው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጥር ነው፤ ስድስት ሲቀነስለት ከቀኑ 10:45 ይሆናል። እታለም 16 ሰዓት የሚባል ነገር ስለማታውቅ "ማታ የተሠራ ነው፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ" ብላ ነበር የጠረጠረችው። እንግዲህ ጥርጣሬዋ ግማሹ እዚህ ጋ ተነነ።

ቀጥሎ የካርዱ ቁጥር። ካርዱ ላይ አሥራ ስድስት አኃዝ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የወጡት ግን የመጨረሻዎቹ አራት ብቻ ናቸው፣ 7316። የቀሩት በኮከብ ተሸፍነዋል። አንዳንድ ማሽን የመጀመሪያዎቹን ስድስትም ያወጣል፤ እነሱ የሚናገሩት ካርዱን የትኛው ባንክ እንደሰጠው ነው፣ ስለዚህ በአንድ ባንክ አንድ ዓይነት ካርድ ያላቸው ባልና ሚስት የመጀመሪያው አንድ ሆኖ መጨረሻው ይለያያል። መካከለኛው ሁልጊዜ መሸፈን አለበት። ምክንያቱም ሙሉ ቁጥሩ ከማብቂያ ቀኑና ከጀርባው ካለው ሦስት አኃዝ ጋር በሌላ ሰው እጅ ከገባ ኢንተርኔት ላይ ዕቃ ሊገዛበት ይችላል። በአራቱ አኃዝ ብቻ ግን ምንም አይገዛም። የእነሱ ጥቅም ለእኛ ነው፣ የትኛው ካርድ እንደተከፈለበት ለማወቅ። እታለም የሟቹን ባለቤቷን ካርድ እስካሁን በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለችና ተሳስታ እሱን አለመስጠቷን ያረጋገጥነው በ7316 ነው። ይህ ቁጥር የባንክ ሂሳብ ቁጥር እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ የባንክ ደብተራችሁ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።

CHIP የሚለው ካርዱ በቺፑ በኩል መነበቡን ነው፤ ቢጎተት SWIPE፣ በላዩ ቢነካ CONTACTLESS ይል ነበር። PIN VERIFIED ማለት የገባው የሚስጥር ቁጥር ትክክል ነበር ማለት ነው። ይህች አጭር መስመር ከባድ ናት። በኋላ "እኔ አይደለሁም የከፈልኩት" ብንል ባንኩ የሚያሳየን እሷን ነው፤ ቁጥሩን ለሰው መንገር የማያዋጣው ለዚህም ጭምር ነው። አንዳንድ ወረቀት ላይ AID ብሎ በ A0000 የሚጀምር ረጅም ነገር ይወጣል። እታለም "ይኼ ሚስጥሬ ነው?" አለች። አይደለም። የካርዱ ዓይነት መለያ ነው፤ A0000000031010 በዓለም ላይ ባለ ብዙ የቪዛ ካርድ ሁሉ ላይ አንድ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። APPR CODE የሚለው ስድስት አኃዝ የእታለም ባንክ "ይሁን" ሲል የሰጠው የፈቃድ ቁጥር ነው። TRACE ማሽኑ ለእያንዳንዱ ሙከራ በተራ የሚሰጠው ቁጥር ነው። RRN ደግሞ ያ አንድ ክፍያ በባንኮቹ ሁሉ መካከል የሚፈለግበት አሥራ ሁለት አኃዝ ነው። በእኛ ወረቀት ላይ የ RRN የመጨረሻዎቹ ስድስት አኃዞች ከ TRACE ጋር አንድ ነበሩ።

የመጀመሪያውን፣ ያልተሳካውን፣ ወረቀት ከጎኑ አስቀመጥነው። ካርዱ ያው 7316፣ ብሩ ያው 1,285.00፣ ሰዓቱ 16:42፣ TRACE ደግሞ 000417። የ APPR CODE ቦታ ባዶ ነው። የ RESP ቦታም ባዶ ነው። እታለም ይህን ስታይ "ባዶ ከሆነማ አልተቆረጠም ማለት ነው" አለች። እኔ ግን ባዶነቱ ነው ያሳሰበኝ።

ላስረዳ። በጤና ጣቢያ የታማሚ ደም ለላቦራቶሪ እንልካለን። "የለበትም" የሚል ውጤት ቢመጣ ነገሩ ተዘጋ። ውጤቱ ሳይመጣ ከቀረ ግን "የለበትም" ማለት አይደለም፤ ናሙናው ደርሶ፣ ተመርምሮ፣ ወረቀቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ፖሱም እንዲሁ ነው። DECLINED ብሎ ከጎኑ ሁለት አኃዝ ካወጣ ባንኩ መልስ ሰጥቷል ማለት ነው። 51 ከሆነ በሂሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የለም፤ 55 ከሆነ የሚስጥር ቁጥሩ ተሳስቷል። ባንኩ ራሱ "አይሁን" ስላለ ገንዘብ አይቀነስም። መልሱ ባዶ ከሆነ ወይም TIMEOUT ዓይነት ቃል ከወጣ ግን ማሽኑ መልስ ሳይሰማ ጊዜው አልፎበታል። ጥያቄው ባንኩ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደርሶ፣ ባንኩ ብሩን ቀንሶ፣ "ይሁን" የሚለው መልስ ሲመለስ መስመሩ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ይህን ስለማያውቅ መስመሩ ሲመለስ "ያንን ሙከራ ሰርዙልኝ" የሚል መልእክት ይልካል። ይህ REVERSAL ይባላል። ብዙ ጊዜ ይደርስና ብሩ ራሱ ይመለሳል። እሱም መንገድ ላይ ከቀረ ግን ብሩ ከእኛ ወጥቶ ሻጩ ጋ ሳይደርስ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ይህን ለማረጋገጥ መድኃኒት ቤቱ ሄድን። እታለም መንገዱን ሁሉ "እላታለሁ፣ እላታለሁ" እያለች ነበር። ካሸሯ ትሑት ልጅ ናት፤ ማታ ሥራ ሲዘጋ ማሽኑ የሚያወጣውን የቀኑን ማጠቃለያ ከመሳቢያ አውጥታ አሳየችን። በ000418 ላይ 7316 እና 1,285.00 አለ። 000417 የሚባል የለም። ሱቁ የተከፈለው አንድ ጊዜ ነው። እታለም ምንም አላለቻትም፤ ስትወጣ ብቻ "ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አለች፣ ድምፅዋ ቀንሶ።

እዚያ እያለን አንዲት እናት ሁለት ወረቀት ይዛ ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል ስትል ሰማሁ። የእሷ ግን ሌላ ነው። በአንዱ ላይ CUSTOMER COPY፣ በሌላው ላይ MERCHANT COPY ይላል፤ የሻጩን ቅጂ በስህተት ተሰጥቷት ነው። APPR CODE እና TRACE በሁለቱም ላይ አንድ ነበር፣ ስለዚህ አንድ ክፍያ ነው። DUPLICATE የሚል ቃል ያለበት ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ የጠፋ ወረቀት እንደገና ታተመ እንጂ እንደገና አልተከፈለም። ሁለት ክፍያ የሚባለው ቁጥሮቹ ሲለያዩ ነው። VOID የሚለው ደግሞ ካሸሩ ስህተት አይቶ የዚያኑ ቀን ክፍያ ሲሰርዝ የሚወጣ ነው። ማሽኑ የቀኑን ሂሳብ ከዘጋ በኋላ ግን በ VOID አይሆንም፣ ሌላ የመመለሻ ሥርዓት ይፈልጋል፣ ጊዜም ይወስዳል። ስለዚህ የተሳሳተ ብር ያየ ሰው ከመደርደሪያው ሳይርቅ ቢናገር ይሻላል።

ከዚያ ወደ እታለም ባንክ ሄድን። ቅርንጫፉ ውስጥ ያለችው ወጣት ሠራተኛ የጠየቀችን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ብሩን፣ የማሽኑን TID፣ RRN እና የካርዱን የመጨረሻ አራት አኃዝ ነው። ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ። የሚስጥር ቁጥር አልጠየቀችም፣ ከካርዱ ጀርባ ያለውንም ሦስት አኃዝ አልጠየቀችም፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልጋትም። የ000417ን ወረቀት ኮፒ አድርጋ ከቅጹ ጋር አያያዘችው። እታለም የተሳካውን ወረቀት ብቻ ይዛ መጥታ ቢሆን ኖሮ የሚፈለገው ክፍያ ቁጥር አይኖረንም ነበር። ያልተሳካው ወረቀት ነው ገንዘቡን የሚያስመልሰው። ካሸሮች ግን ብዙ ጊዜ "ይህ አልሠራም" ብለው ቀዳደው የሚጥሉት እሱን ነው። "ልጄ፣ ለኔ ስጪኝ" በሏት።

እግረ መንገዳችንን የሚስጥር ቁጥሩን አስቀየርን። አዲሱን ለኔም አልነገረችኝም፤ ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩም። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ነው፣ ቀለም የለበትም። ቅጹን ስንሞላ እንኳ የ16:42ቱ ወረቀት አንዱ ጥግ መገርጣት ጀምሯል፤ እታለም ሌሊቱን ከምድጃው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣው ነበር። የልጅ ልጇ ሁለቱንም በስልክ ፎቶ አንስቶ አስቀመጠላት። ከዚያ ወዲህ እሷም ራሷ ታነሳለች፣ አንዳንዴ ጣቷም አብሮ ይነሳል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መልእክት መጣላት። አንብባ ስላልጨረሰችው ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። 1,285.00 ብር ወደ ሂሳብዎ ገብቷል ይላል፣ ከሥሩ REVERSAL የሚል ቃል አለ። "ይኼ ማለት የኔው ብር ነው አይደል? ማንም የሰጠኝ አይደለም?" አለችኝ። ያንቺው ነው አልኳት። ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያይታ 000417 ካለበት ወረቀት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ "ተመለሰ፣ የካቲት 7" ብላ ጽፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።